መጠናቸው የሚመሳሰል ክብ ባትሪዎችን ከመለዋወጥ በፊት

PR44፣ LR44 እና SR44 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ስፋታቸው 11.6፣ ውፍረታቸው 5.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን የፊተኛው ፊደል በውስጣቸው ያለው ኬሚካል የተለያየ መሆኑን ያመለክታል።

በ P የሚጀምረው የዚንክና የአየር ባትሪ ሲሆን፣ በመስማት አጋዥ መሣሪያ ባለሙያዎች ዘንድ 675 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ኦክስጅንን በጀርባው ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከውጭ ስለሚስብ የውስጥ ቦታው በአብዛኛው በዚንክ ይሞላል፤ በዚህም ምክንያት 1.4 ቮልት ብቻ ቢሰጥም በተመሳሳይ መጠን ካለው የአልካላይን LR44 ባትሪ እጅግ የበለጠ ኃይል ይይዛል። ቀዳዳዎቹን የሸፈነው ተለጣፊ ከተላጠ በኋላ ግን መሣሪያው ባይሠራም በሳምንታት ውስጥ ይደክማል፤ ስለዚህ እስከሚያስፈልግ ድረስ አይላጥ፤ ከተላጠም በኋላ መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ አየር ያግኝ። ውኃ በማያስገባ የእጅ ሰዓት ውስጥ ቢገባ አየር ስለማያገኝ ጥቂት ሠርቶ ይቆማል፤ ለሰዓት 1.55 ቮልቱን እስከ መጨረሻው ሳያወላውል የሚይዘው የብር ኦክሳይድ SR44 ይሻላል።

በ CR የሚጀምሩት የሊቲየም ባትሪዎች 3 ቮልት ናቸው። ሊቲየም ኤሌክትሮን ለመልቀቅ ከዚንክ ይልቅ ስለሚቸኩል፣ አንዱ ብቻውን የሁለት አልካላይን ባትሪዎችን ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ለ1.5 ቮልት በተሠራ ዕቃ ውስጥ በግድ ቢገባ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።