ከተለኩ የከፍታ ነጥቦች ኮንቱር ያለው ሳይት ፕላን እንዴት ይዘጋጃል?

ሰርቬየር ከቦታው ተመልሶ የሚያስረክበን የመሬቱን ቅርጽ ሳይሆን የተበታተኑ ነጥቦችን ዝርዝር ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለውን መሬት የሚሞላው ሶፍትዌሩ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቦታውን አላየውም። ከዚህ በታች የማስረዳው አሠራር በአዳማ ዳርቻ፣ ከኮረብታ ግርጌ በሚገኝና መሃሉን ቦረቦር በሚያቋርጠው ቦታ ላይ በሠራሁት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የተጠቀምኩት ሲቪል ስሪዲን ነው፤ ዋናው ሐሳብ ግን በሌሎች ሶፍትዌሮችም ያው ነው።

በመጀመሪያ የነጥቦቹን ፋይል በጽሑፍ ማንበቢያ ከፍቶ የዓምዶቹን ቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። የእኛ ፋይል ይህን ይመስል ነበር፦

```
101,529812.40,944305.15,1648.30,GL
102,529824.38,944305.90,1650.10,GL
```

ከነጥቡ ቁጥር ቀጥሎ የምሥራቅ መጋጠሚያ፣ ከዚያ የሰሜን፣ ከዚያ ከፍታ፣ በመጨረሻም ኮድ ተጽፏል፤ ስለዚህ ሲጫን የሚመረጠው ፎርማት PENZD ነው። አዳማ ላይ ሁለቱም መጋጠሚያዎች ከነጥቡ በፊት ስድስት ስድስት አኃዝ ስላላቸው ቢለዋወጡ በዓይን አይለዩም። PNEZD ተመርጦ ከተጫነ ቦታው በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይወጣል፤ ምንም ያህል ብናዞረው ከይዞታው ወሰን ጋር አይገጥምም። መንገዱ ከቦታው በየትኛው በኩል እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ለዚህ ይበቃል።

ቀጥሎ መሬት ያልሆኑትን ነጥቦች መለየት ይገባል። የማንሆል ክዳን፣ የአጥር አናት፣ የዛፍ ግንድና የኤሌክትሪክ ምሰሶ በፕላኑ ላይ ይታያሉ፤ ከፍታቸው ግን የመሬቱን ገጽ ሲሠራ መግባት የለበትም። የመሬት ኮድ ያላቸውን ብቻ የያዘ የነጥብ ቡድን ፈጥሮ ገጹን በእርሱ መሥራት ይሻላል። ብዙዎች ለጊዜ ቁጠባ _All Points የተባለውን ቡድን በቀጥታ ያስገባሉ፤ በኋላ በጠፍጣፋ ሜዳ መሃል የአጥር ከፍታ ያላት ጉብታ ሲያገኙ ምንጩን መፈለጉ ካጠራቀሙት ጊዜ ይበልጣል።

ቡድኑ ሲገባ ሶፍትዌሩ ነጥቦቹን ሦስት ሦስት እያያያዘ የሦስት ማዕዘን መረብ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጎን ላይም ከፍታው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእኩል መጠን እንደሚለወጥ ይቆጥራል። ከላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች 12 ሜትር ይራራቃሉ፤ የከፍታ ልዩነታቸው ደግሞ 1.80 ሜትር ነው። የ1649.00 ኮንቱር ከዝቅተኛው ነጥብ በ0.70 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ 0.70 ለ1.80 ተካፍሎ በ12 ሲባዛ ከነጥብ 101 በ4.67 ሜትር ርቀት ላይ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጅ ሠርቶ ከስክሪኑ ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ኮንቱሩ ትክክል የሚሆነው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው መሬት በእውነት ቀጥ ያለ ተዳፋት ከሆነ ብቻ እንደሆነ ያኔ ግልጽ ይሆናል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። ቦረቦሩ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 4 ሜትር ስፋት፣ 1.80 ሜትር ጥልቀትና 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። ፕሪዝም ያዡ በሁለቱ አፋፎች ላይ በየ10 ሜትሩ ነጥብ ወሰደ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ በወለሉም በየ10 ሜትሩ ወሰደ፤ ይሁን እንጂ የወለሉ ነጥቦች ያረፉት በአፋፎቹ ነጥቦች ትይዩ ሳይሆን በመካከላቸው ነበር። እኔም አፋፎቹን በመስመር አያይዤ፣ የወለሉ ነጥቦች እንዳሉ ይበቃሉ ብዬ ተውኳቸው።

ሶፍትዌሩ አራት ነጥቦችን በሁለት ሦስት ማዕዘን ሲከፍል ቀጫጭን ቅርጾችን ስለሚሸሽ፣ እንደዚህ ባለ አቀማመጥ አጭሩን ሰያፍ ይመርጣል። ከአንዱ የወለል ነጥብ እስከ ቀጣዩ 10 ሜትር ነው፤ ከግራ አፋፍ እስከ ቀኝ አፋፍ ግን 4 ሜትር ብቻ። ስለዚህ አፋፉን ከአፋፉ አገናኘ፤ በየ10 ሜትሩም ቦረቦሩን የሚያቋርጥ በመሬት ላይ የሌለ ግድብ ሠራ። የቦረቦሩ እውነተኛ ይዘት በ10 ሜትር 36 ሜትር ኩብ ሲሆን በሥዕሉ ላይ 24 ብቻ ሆነ፤ በ60 ሜትሩ ርዝመት 72 ሜትር ኩብ የሙሌት አፈር ጠፋ ማለት ነው። ጉድለቱ የታወቀው ሙሌቱ ሲጀመርና ከታቀደው በላይ አፈር የጫኑ ሲኖትራኮች መመላለስ ሲቀጥሉ ነበር። የጠፋው ይዘት ከተጠቀጠቀ በኋላ ያለው በመሆኑ፣ የሚጫነው ልቅ አፈር ከዚያም ይበልጣል።

ስህተቱ ከመታተሙ በፊት ከሥዕሉ ላይ ሊነበብ ይችል ነበር። ውኃ የሚወርድበትን ቦረቦር የሚያቋርጥ ኮንቱር ጫፉን ወደ ላይኛው ተፋሰስ አሹሎ በተከታታይ መታየት አለበት። በእኔ ሥዕል ላይ ግን በወለሉ ላይ የተደረደሩ፣ እንደ እንቁላል የተዘጉ ትናንሽ ቀለበቶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው መውጫ የሌለው ጉድጓድ ማለት ናቸው። አይቻቸው ሳለ የሶፍትዌሩ ጠባይ ነው ብዬ አለፍኳቸው።

ማስተካከያው ብሬክላይን ነው፤ ይኸውም የትኛውም ሦስት ማዕዘን እንዳያቋርጠው ለሶፍትዌሩ የሚሰጥ መስመር ነው። ለቦረቦር ሦስት ያስፈልጋሉ፦ ሁለት ለአፋፎቹ፣ አንድ ለወለሉ። ለመንገድ ጠርዝ፣ ለቦይና ለተቆረጠ ተዳፋት ግርጌም እንዲሁ ይሠራል። መስመሩ የሚሳለው በ3DPOLY ነው፤ በPLINE የተሳለ መስመር ለሁሉም ማዕዘኖቹ አንድ ከፍታ ብቻ ስለሚይዝ ወለሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። Node የሚለው ስናፕ ተከፍቶ ነጥብ በነጥብ ከተያያዘ በኋላ፣ መስመሩን መርጦ LIST በማለት የእያንዳንዱን ማዕዘን ከፍታ ማንበብ ይገባል፤ ዜሮ የሚል ካለ ስናፑ የያዘው ከፍታውን ሳይሆን ምልክቱን ብቻ ነው። ከዚያ በገጹ Definition ሥር ካለው Breaklines ውስጥ Standard በሚለው ዓይነት ይጨመራል። ሁለት ብሬክላይኖች በተለያየ ከፍታ እርስ በርስ መቆራረጥ የለባቸውም።

በጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ Swap Edge በሚለው ትእዛዝ የሦስት ማዕዘኑን ጎን በእጅ መገልበጥ ይቻላል። እኔ ግን አልወደውም፤ የማስተካከያው ምክንያት በሥዕሉ ላይ ተጽፎ ስለማይቀር ፋይሉን የሚረከብ ሌላ ሰው ሊረዳው አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በተለካው ቦታ ዙሪያ የውጭ ወሰን አድርጎ ማንም ያልለካውን መሬት የሚሸፍኑትን ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ማስወገድ፣ ለ1:200 ወይም ለ1:500 ሥዕል የኮንቱር ልዩነቱን 0.50 ሜትር ማድረግ፣ በየአምስተኛው መስመር ላይ ወፍራም ብዕርና የከፍታ ቁጥር ማስቀመጥ፣ የይዞታውን ወሰን፣ ነባር ግንባታዎችን፣ የሰሜን ምልክትንና ከፍታው የተነሳበትን ቤንች ማርክ ማስገባት ነው። ኮንቱርን ማለስለሻውን ግን መጨረሻ ላይ ብቻ፣ በትንሹ ይጠቀሙ፤ የሚያሳምረው መስመሩን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ ቀድሞ ከተከፈተም እነዚያን ቀለበቶች የተፈጥሮ ያስመስላቸዋል።

ሰርቬየሩ ወደ ቦታው የሚመለስበት ቀን ካለ፣ ገጹን ስንሠራ ያልተጠቀምንባቸውን 20 ያህል ነጥቦች እንዲለካልን እንጠይቀዋለን፤ ጥቂቶቹም በቦረቦሩ ወለል ላይ፣ በቀድሞዎቹ ነጥቦች መካከል ይሁኑ። በነጥቦቹ ቦታ ላይ ገጹ የሚሰጠው ከፍታ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። የተለመደው መመዘኛ ከነጥቦቹ 90 በመቶ ያህሉ ከኮንቱሩ ልዩነት ግማሽ በላይ እንዳይርቁ ነው፤ በ0.50 ሜትር ኮንቱር ይህ 0.25 ሜትር ይሆናል። የማይስማሙት ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ከተደረደሩ፣ እዚያ ያልተሳለ ብሬክላይን አለ።