ገደብ ያለው ስልክ፣ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት፦ ችግሩ የት ነው?

ቲክቶክ በቀን 1 ሰዓት ብቻ ተፈቅዶለታል። ስልኩም ገደቡን ያከብራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አፑን ይዘጋል። እንዲያም ሆኖ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ዓይን ስክሪን ላይ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት አላርሙ ሲጮህ ደግሞ መነሳት መከራ ይሆናል። እንዲህ የሆነበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ራሱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሴቲንጉ ይታይ እላለሁ። የአፕ ገደብ የሚቆጥረው የቀኑን ድምር ነው። እንቅልፍ የሚያሳጣው ግን ድምሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው።

ድምሩ ብዙ አይመስልም፣ እንቅልፍ ግን የለም

በአንድሮይድ ስልክ Settings ውስጥ Digital Wellbeing የሚል ክፍል አለ። በአይፎን ደግሞ Screen Time ይባላል። ሁለቱም በየቀኑ ስንት ሰዓት ስክሪን ላይ እንደነበሩ፣ በየትኛው አፕ ላይ እንደቆዩ እና ስንት ኖቲፊኬሽን እንደደረሰዎት ያሳያሉ። አብዛኛው ሰው ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። «3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ደህና ነው» ይላል።

ያ ቁጥር ስለ እንቅልፍ ብዙም አይናገርም። በምሳ ሰዓት የታየ 40 ደቂቃ እና ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የታየ 40 ደቂቃ በድምሩ ውስጥ እኩል ናቸው። ሌላም ችግር አለ። ስልኩ አዲስ ቀን የሚጀምረው 12:00 AM ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ስለዚህ አንዱ ሌሊት ለሁለት ይከፈላል። እስከ 6 ሰዓት ያለው በማክሰኞ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ረቡዕ ይሄዳል። የትኛውንም ቀን ቢያዩ ያመሹበትን ሙሉ ሰዓት አያገኙትም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ በማንኛውም ስልክም ይሰራል። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ሌላ ምንም ሳይነኩ ዳሽቦርዱን ይክፈቱ። በዚያ ሰዓት «ዛሬ» በሚለው ስር የተመዘገበው ሁሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የታየ ነው። ዜሮ ወይም 1 ደቂቃ ከሆነ ሌሊቱን ስልኩ አልነካዎትም። 45 ደቂቃ ከሆነ ያ ከእንቅልፍዎ የተወሰደ ነው። ከስሩ የተዘረዘሩት አፖች ደግሞ የትኛው እንደወሰደው ይነግሩዎታል። ይህን ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ከዚህ በታች ላለው ሁሉ መነሻው ይህ ዝርዝር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ዝርዝሩ ዩቲዩብን 2 ሰዓት ካሳየና እርስዎ ግን ተኝተው ከነበረ፣ ቪዲዮው ራሱ እየተከታተለ ሲጫወት አድሮ ይሆናል። ስክሪኑ እስከበራ ድረስ ስልኩ ይቆጥረዋል። Autoplay የሚለውን ያጥፉት። አይፎን ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከጠበቁት በላይ ከሆነ Share Across Devices በርቶ እንደሆነ ይዩ። ልጆች በእርስዎ አካውንት አይፓድ የሚጠቀሙ ከሆነ የእነሱም ሰዓት ከእርስዎ ጋር ይደመራል።

የተዘጋው አፕ ሌሊት ላይ ተመልሶ ይከፈታል

ዋናው ችግር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የአፕ ገደብ በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ የሚጀምረውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ማለትም መተኛት በነበረብን ሰዓት ስልኩ አዲስ ሙሉ ፈቃድ ይሰጠናል።

እንበል አንዲት ሴት ባንክ ትሰራለች። ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳለች፣ ለ7 ሰዓት ያህል ለመተኛት ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስዳት ይገባል። ለቲክቶክ 1 ሰዓት ገደብ አስቀምጣለች። ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ 45 ደቂቃ አየች። በምሳ ሰዓት የቀረውን 15 ደቂቃ ጨረሰች። ማታ ቤት ስትገባ የቲክቶክ ምልክት ግራጫ ሆኗል፣ አይከፈትም። እሷም ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ ታመሻለች። ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ቲክቶክ የረቡዕን 1 ሰዓት ይዞ ይከፈታል። ገደቡ አንድም ቀን አልተጣሰም። ዳሽቦርዱ ላይ ቲክቶክ በየቀኑ 1 ሰዓት ነው የሚለው። እሷ ግን በየሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትተኛው።

ገደቡን ወደ 30 ደቂቃ ብትቀንሰውስ? ያው ነው። 30ውም ደቂቃ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያልቃል።

ለዚህ የሚያስፈልገው በደቂቃ ሳይሆን በሰዓት የሚዘጋ ቁልፍ ነው። አንድሮይድ ላይ Digital Wellbeing ውስጥ Focus mode የሚል አለ። ሰው ለስራ ሰዓት ነው የሚጠቀምበት፣ ለሌሊት ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ይክፈቱትና በጠዋት ዝርዝርዎ ላይ ደጋግመው የመጡትን አፖች ይምረጡ። ከዚያ የጊዜ ሰሌዳ ይስጡት፦ ከ10:00 PM እስከ 6:00 AM፣ ሰባቱንም ቀን። ይህ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በመካከሉ 6 ሰዓት ቢያልፍም ቁልፉ አይከፈትም። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ላይ ተመሳሳዩ ነገር የሚገኘው Modes and Routines ውስጥ፣ Sleep በሚለው ስር ነው። እዚያ አፖችን መገደብም ይቻላል።

ባንክ የምትሰራዋ ሴት 5 ሰዓት ላይ መተኛት ከፈለገች ለምን 4 ሰዓት ላይ ትዘጋለች? አፑ የሚዘጋበት ሰዓትና እንቅልፍ የሚወስድበት ሰዓት አንድ ስላልሆነ ነው። ስልክ አስቀምጦ፣ ፊት ታጥቦ፣ የነገን ልብስ አዘጋጅቶ አልጋ ላይ ለመውጣት ጊዜ ያስፈልጋል። ዘግይቶ የተዘጋ አፕ ያንን ጊዜ ከእንቅልፍ ላይ ይቆርሳል።

አይፎን ላይ ይህን የሚሰራው Downtime ነው። የሰዓቱ አሞላል ያው ነው። ግን በሩ በቀላሉ ይከፈታል፦ Ignore Limit የሚለውን ነክቶ ማለፍ ይቻላል። ይህን ለመዝጋት መጀመሪያ Lock Screen Time Settings ላይ የይለፍ ቁጥር ያስቀምጡ፣ ቀጥሎ Block at Downtime የሚለውን ያብሩ። ቁጥሩን ባለቤትዎ፣ እህትዎ ወይም ወንድምዎ ቢያስገቡት ይሻላል። ራስዎ የሚያውቁት ቁጥር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አያቆምዎትም። የአንድሮይዱ Focus mode ላይ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቁልፍ የለም። ከሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፣ ይህን አውቆ መጀመር ጥሩ ነው።

የቀን ገደቡን አያጥፉት። የቀኑን አጠቃቀም ለመቀነስ ይጠቅማል። ለሌሊት ግን አይበቃም።

Bedtime mode በርቷል፣ ግን ምንም አይከለክልም

ልክ ነው፣ አንድሮይድ ላይ አይከለክልም። Bedtime mode ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርጋል፣ ጥሪና ኖቲፊኬሽንን ዝም ያሰኛል። አፕ አይዘጋም። ብዙ ሰው ይህን ካበራ በኋላ ሁሉም ነገር የተዘጋ ይመስለዋል። ከላይ ካለው ቁልፍ ጋር አብሮ ሲሰራ ግን ጥሩ ነው። ቀለም የሌለው ቪዲዮ ብዙም አይስብም፣ ድምፅ ያላሰማ ስልክም አይነሳም።

አንዳንድ ማታ በርቶ አንዳንድ ማታ የማይበራ ከሆነ ሴቲንጉን ይዩ። While charging at bedtime የሚለው ከተመረጠ ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ አይበራም። ያን ማታ መብራት ከጠፋ ወይም ቻርጀሩን ካልሰኩት ሞዱም ሳይበራ ያድራል። ወደ Based on schedule ይቀይሩት።

ስክሪኑ ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ይጠፋል

ስልኩ የተበላሸ ይመስላል፣ ግን አይደለም። «ማታ 4 ሰዓት» ብለው አስበው 4:00 PM ሞልተዋል፣ ይህ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የማታ ሰዓት ሲሞሉ 6 ይጨምሩ፦ 3 ሰዓት 9:00 PM፣ 4 ሰዓት 10:00 PM፣ 5 ሰዓት 11:00 PM። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 12:00 AM ነው። ከእሱ ወዲያ ይቀንሳሉ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት 1:00 AM ይሆናል። AM እና PM የሚያምታታዎት ከሆነ ስልኩን ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀይሩት። ያኔ ማታ 4 ሰዓት 22:00 ነው፣ የሚያሳስት ነገር የለውም።

ከውጭ የሚደወል ጥሪ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ

ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፣ ብዙ ሰው ስልኩን ዝም የማያሰኘውም ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ያለ ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ ሲደውል አዲስ አበባ መሽቷል። በክረምታቸው የሰዓቱ ልዩነት 8፣ በበጋቸው 7 ነው። ማታ 4 ሰዓት እዚያ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ይሆናል።

መፍትሄው ሁሉን ክፍት መተው አይደለም። አንድሮይድ ላይ Do Not Disturb ውስጥ ገብተው እናትዎን፣ አባትዎን፣ ልጅዎን ኮከብ ባደረጉባቸው ሰዎች ውስጥ ያስገቡ፣ ለእነሱ ጥሪ ይፍቀዱ። ደግሞ የሚደውልን የሚያሳልፍ አማራጭም አለ። አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ይጮሃል። ለቤተሰብ «አስቸኳይ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ይህ የሚያስተማምነው ለመደበኛ የስልክ ጥሪ ነው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ብቻ የሚደውል ካለ አፑን ራሱን ለብቻው መፍቀድ ያስፈልጋል፣ በዚያ በኩል ግን መልእክቱም አብሮ ሊገባ ይችላል። እዚያው Alarms የሚለው መፈቀዱን ያረጋግጡ፣ አለዚያ ጠዋት የሚቀሰቅስዎት አይኖርም።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም የጠዋቱ ቁጥር ከፍ ያለ ነው

ዝርዝሩን እንደገና ይዩ። ቲክቶክ ጠፍቶ በቦታው ክሮም ከመጣ ቪዲዮውን በብሮውዘር እያዩት ነው፣ ክሮምንም ወደ ቁልፉ ያስገቡት። ቴሌግራም ከመጣ ቻናሎቹ ናቸው የያዙዎት፤ ቤተሰብ እንዳይቆረጥ ከፈሩ አፑን ሳይዘጉ ቻናሎቹን ድምፅ ያጥፉባቸውና ወደ አርካይቭ ይውሰዷቸው። ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ እንቅልፍ አሁንም እምቢ ካለ ግን ምክንያቱ ስልኩ ላይሆን ይችላል። የከሰዓቱን ቡና፣ የቀን እንቅልፍን እና ጭንቀትን ይዩ፤ ለሳምንታት ከቀጠለ ደግሞ ሐኪም ያነጋግሩ። የመዘገቡትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ ሌሊት ስልክ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ሲጠየቁ መልሱ እዚያ አለ።