የፕሮስቴት መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ የዘር ፈሳሽ ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

ፕሮስቴት አድጎ ሽንት ሲያስቸግር ነገሩ የታወቀ ነው። ሌሊት ሦስት አራቴ መነሳት፣ ቆሞ መጠበቅ፣ ከጨረሱ በኋላ መንጠባጠብ። ለዚህ ኪኒን ሲታዘዝ ስለ ሽንቱ ይወራል። ስለ መኝታው ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙም አያነሳ፣ ታካሚውም አይጠይቅ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ሰው እንያዝ። ጎንደር አዘዞ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የ61 ዓመት ሹፌር ናቸው እንበል። በቀን አንድ 0.4 ሚሊ ግራም ታምሱሎሲን ታዘዘላቸው። በሳምንቱ ሽንታቸው ቀለለ። ከባለቤታቸው ጋር ሲተኙ ግን ረኩ፣ ምንም ፈሳሽ ግን አልወጣም። «ወንድነቴ አለቀ» ብለው ኪኒኑን ተዉት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሽንቱ እንደ ድሮው ያስቸግራቸው ጀመር። እኚህ ሰው ምን ማድረግ ነበረባቸው?

1. የኪኒኑን ስም ያንብቡ

ማሸጊያው ላይ ያለው ስም ብዙ ነገር ይናገራል። ስሙ በ«ኦሲን» የሚያልቅ ከሆነ፣ ማለትም ታምሱሎሲን፣ አልፉዞሲን፣ ዶክሳዞሲን፣ ቴራዞሲን፣ ሲሎዶሲን ከሆነ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው። በቀናት ውስጥ ይሠራል። በ«ስቴራይድ» የሚያልቀው፣ ፊናስቴራይድ ወይም ዱታስቴራይድ፣ ሆርሞን ላይ የሚሠራና ፕሮስቴቱን ቀስ በቀስ የሚያሳንስ ነው። ውጤቱን ለማየት እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሁለቱንም አብረው የሚወስዱ ሰዎችም አሉ። ማንበብ ካስቸገረዎት ማሸጊያውን ይዘው ፋርማሲ ይግቡና ያስነብቡ።

2. ሦስቱን ነገር ለያዩ

«አልቻልኩም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ፍላጎቱ አለ ወይ? ብልት ይቆማል ወይ? ሲረኩ ፈሳሽ ይወጣል ወይ? እነዚህን ለየብቻ ይመልሱ። ሹፌራችን ቢጠየቁ ፍላጎቱ አለ፣ መቆሙም አለ፣ ጠዋት ሲነቁም ይቆማል። የጠፋው ፈሳሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድነታቸው የትም አልሄደም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ታምሱሎሲን የፕሮስቴቱንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላል፤ ሽንት የሚወርደውም ለዚህ ነው። የዘር ፈሳሹን ጨምቆ ወደ ሽንት ቧንቧ የሚገፋው ጡንቻም አብሮ ይላላል። ስለዚህ ፈሳሹ ያንሳል ወይም ጭራሽ አይመጣም። አንዳንዴ ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ይገባና ከግንኙነት በኋላ የሚሸኑት ሽንት ደፍረስ ይላል። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። መድኃኒቱ ሲጠና 0.4 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ከመቶ ስምንት ያህሉ፣ 0.8 ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ አሥራ ስምንት ያህሉ የመርጨት ችግር ገጥሟቸዋል። መጠኑ ሲጨምር ችግሩም ይጨምራል ማለት ነው። ሲሎዶሲን ከዚህም ይብሳል። አልፉዞሲን ላይ ግን ብዙም አይታይም።

ልጅ የሚፈልግ ሰው ይህን ለሐኪሙ የግድ መንገር አለበት፤ ፈሳሽ ካልወጣ መፀነስ ይቸግራልና። «እንግዲያው መከላከያ ነው» ብሎ መተማመንም አይቻልም።

ፍላጎት ራሱ ከቀዘቀዘ ወይም መቆም ካስቸገረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስቴራይዱ ወገን ነው። በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ይህ ይታያል፤ ብዙ ሰው ላይ ግን አይደርስም። የፈሳሹንም መጠን ሊቀንስ ይችላል። ጡት ላይ እብጠት ወይም ሕመም ካዩም ያው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይይዎት።

3. ቀኑን አስተያዩ

ኪኒኑን መቼ ጀመሩ? ችግሩስ መቼ መጣ? የሹፌራችን ኪኒኑ በተጀመረ በሳምንቱ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ግልጽ ነው። ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት ብልት መቆም እየደከመ ከነበረ ግን ስኳርን፣ የደም ግፊትን፣ አንዳንድ የግፊት ኪኒኖችን ወይም ሲጋራን ይጠርጥሩ። ብዙ ሰው የስኳሩን ጥፋት በፕሮስቴት ኪኒኑ ላይ ይጭናል።

4. ሳያቋርጡ ሐኪሙን ያነጋግሩ

መድኃኒቱን በራስ ማቆም የሽንቱን ችግር ይመልሰዋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ እስኪዘጋ ሊደርስ ይችላል። የሚሻለው ይህን ማለት ነው፦ «ዶክተር፣ ሽንቴ ተሽሎኛል። ፍላጎትም አለኝ፣ ይቆማልም። ሲጨረስ ግን ምንም አይወጣም።» ሐኪሙ የልጅዎ እኩያ ቢሆን ወይም ሴት ብትሆን አይፈሩ፤ በቀን ስንት ጊዜ ይህን እንደሚሰሙ ቢያውቁ አያፍሩም ነበር።

ለሹፌራችን ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ጉዳት እንደሌለው አውቀው ከባለቤታቸው ጋር ተነጋግረው መቀጠል ነው። ብዙ ባለትዳር ይህን ይመርጣል። ሁለተኛው በአልፉዞሲን መቀየር ነው። ሦስተኛው በየቀኑ የሚወሰድ 5 ሚሊ ግራም ታዳላፊል ነው፤ ሽንትንም መቆምንም ያግዛል። ለልብ ሕመም የናይትሬት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን፣ ለሚወስድ ሰው ግን ፈጽሞ አይሆንም። በታምሱሎሲን የጠፋ ፈሳሽ መድኃኒቱ ሲቀየር ወይም ሲቆም በጥቂት ቀናት መመለሱ አይቀርም። የስቴራይዱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ አልፉዞሲንን እሞክር ነበር።

5. የጾሙን ሰዓት አስተካክሉ

ይህን ጉዳይ ጎንደር ላይ ችላ ማለት አይቻልም። ታምሱሎሲን ከምግብ በኋላ፣ በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ ከተወሰደ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል፣ ግፊትም ይወርዳል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ውጦ ቢሰግድ ቀና ሲል ዓይኑ ሊጨልምበትና ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከማታው ማዕድ በኋላ ይውሰዱት። በረመዳንም እንዲሁ ከማፍጠሪያው ምግብ በኋላ ነው። ካፕሱሉን አይክፈቱት፣ አያኝኩትም። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ።

6. እነዚህን አይርሱ

የመኝታ ማነቃቂያ ኪኒን በሰው ምክር ገዝተው ከ«ኦሲን» ጋር አይደርቡ፤ ግፊት በድንገት ሊወርድ ይችላል። መውሰድ ካለብዎ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ብልት ሳይፈለግ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ ወይም ሽንት ጭራሽ ካልወጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ፊናስቴራይድ የሚወስድ ሰው የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠቆም የሚደረገውን የፒኤስኤ የደም ምርመራ ሲያደርግ መድኃኒቱን ማስመዝገብ አለበት፤ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚቀንሰው ካንሰር ሊሸፈን ይችላል። የተሰበረ ወይም የተፈጨ ኪኒን እርጉዝ ሴት በእጇ እንዳትነካ፤ የወንድ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። የዓይን ሞራ ለማስወጣት የተቀጠረ ሰው ደግሞ ታምሱሎሲን እየወሰደ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ወስዶ ትቶትም ቢሆን፣ ለዓይን ሐኪሙ ይናገር። መድኃኒቱ የዓይኑን ብሌን ጡንቻ ስለሚያላላው ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።