ቮልዩሙ ትልቅ ነበር፣ ብሬክአውቱ ግን ለምን ተመለሰ? ችግርና መፍትሄ

ሬንጅ እንዴት እንደሚሳል፣ ካንድሉ እስኪዘጋ መጠበቅ እንዳለባችሁ፣ ስቶፕ ሎስ የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ያልተዘጋ ካንድል ቮልዩም እያየ የሚገባ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ትቶ መጀመሪያ መጠበቅ ይልመድ። ምሳሌዎቼ ሁሉ ወርቅ (`XAUUSD`)፣ የ15 ደቂቃ ቻርት፣ ሜታትሬደር 5 ላይ ናቸው። የብዙዎቻችን ገበያ እሱ ነው።

ምልክት፦ ከሬንጁ ሲወጣ ቮልዩሙ ዘለለ፣ ከሁለት ካንድል በኋላ ግን ዋጋው ተመልሶ ገባ

ከሚላክልኝ ቻርት አብዛኛው ይኸው ነው። ታሪኩም አንድ ዓይነት ነው። ሌሊት በእስያ ሰዓት ወርቁ ጠባብ ሬንጅ ይሠራል። ጠዋት ዋጋው የላይኛውን መስመር ሰብሮ ይወጣል። ከታች ያለው የቮልዩም ባር ከሌሊቶቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ይረዝማል። «ቮልዩም አረጋግጧል» ተብሎ ይገባል። ከዚያ ስቶፕ ይመታል።

ሰዓቱን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። እንግሊዞች በጋ ላይ ሲሆኑ ለንደን የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 5 ሰዓት። ለንደን ሲከፈት ቮልዩም በየቀኑ ይጨምራል። ብሬክአውት ኖረም አልኖረም፣ ዋጋው ወጣም ወረደም ይጨምራል። እናንተ ግን የጠዋቱን ባር ከሌሊቱ ባሮች ጋር እያስተያያችሁ ነው። መርካቶን በቅዳሜ ረፋድ አይታችሁ፣ «ከንጋቱ 11 ሰዓት ይልቅ ሰው በዝቷል፣ ዛሬ የሆነ ነገር አለ» እንደማለት ነው።

የ20 ካንድል አማካይ መስመር መጨመርም አያድንም። በለንደን መክፈቻ ወደኋላ ያሉት 20 ካንድሎች አምስት ሰዓት ናቸው፤ ሁሉም የእስያ ናቸው። መስመሩ ያንኑ ስህተት በሚያምር ቀለም ይስለዋል እንጂ አያርመውም። የቴሌግራም ሲግናል ቻናሎች ይህንን መስመር አክብበው «ኮንፈርምድ» ብለው ሲለጥፉ በጣም ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ የወጣውን ካንድል ባለፉት ቀናት በዚያው ሰዓት ከነበሩት ካንድሎች ጋር አወዳድሩ። `Ctrl+D` ስትጫኑ የዳታ መስኮቱ ይከፈታል። ጠቋሚውን ካንድሉ ላይ ስታደርጉ የቮልዩሙን ቁጥር ያሳያችኋል። ያለፉትን 11 የገበያ ቀናት በዚያው ሰዓት ያለውን ቁጥር ጻፉ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። መሃል ላይ ያለው፣ ማለትም 6ኛው፣ መለኪያችሁ ነው። አማካይ ያላልኩት አንድ ከባድ የዜና ቀን አማካዩን ስለሚያበላሸው ነው። የመሃሉን ቁጥር ግን አይነካውም።

በቁጥር እንየው። ሌሊቱን ወርቅ በ2,640 እና በ2,652 መካከል ቆየ እንበል። በመክፈቻው ካንድል 2,655 ላይ ዘጋ። ቮልዩሙ 2,900 ነው። የሌሊቱ ካንድሎች 1,100 አካባቢ ስለነበሩ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው፣ ዓይን ይስባል። የዚያ ሰዓት የመሃል ቁጥር ግን 3,200 ነው። 2,900ን ለ3,200 አካፍሉ፦ 0.9። ገበያው ከተራ ጠዋት እንኳ ያነሰ እንቅስቃሴ እያሳየ ነው መስመሩን ያለፈው። ይህን ብሬክአውት አልነካውም።

በሌላ ቀን ያው ሬንጅ፣ ያው ሰዓት፣ ቮልዩሙ 5,400 ቢሆን 1.7 ያህል ይመጣል። አሁን የሚታይ ነገር አለ። እኔ ከ1 በታች ከሆነ እተወዋለሁ። ከ1.5 በላይ ከሆነ በቁም ነገር አየዋለሁ። በመካከል ያለውን ሪቴስት እስኪያደርግ እጠብቀዋለሁ። እነዚህ ወሰኖች የእኔ ናቸው፤ በራሳችሁ ቻርት ፈትኗቸው።

በአንድ ካንድል ብቻ ግን አትወስኑ። ዋጋው ወደ 2,652 ሲመለስ ቮልዩሙን እዩ። የዚያ ሰዓት የመሃል ቁጥር 2,700 ሆኖ ሪቴስቱ 1,800 ላይ ከመጣ ሻጮች አልተጣደፉም ማለት ነው፤ ብሬክአውቱ የመጽናት ዕድል አለው። ሪቴስቱ 4,000 ይዞ ከመጣ ግን የወጣውን ያህል ኃይል እየመለሰው ነው። ያኔ መስመሩ ላይ ሊሚት አስቀምጦ መተኛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥንቃቄ፦ ቁጥሮቹን በብሮከራችሁ ሰርቨር ሰዓት ያዙ እንጂ በእጅ ሰዓታችሁ አይደለም። ብዙ ብሮከሮች ሰዓታቸውን ከኒው ዮርክ ጋር ያዞራሉ፤ እኛ አናዞርም።

ሁለተኛ ጥንቃቄ፦ የጓደኛችሁን ቁጥር አትዋሱ። ወርቅ በስፖት ሲገበያይ አንድ የጋራ ማዕከል የለውም። ሜታትሬደር የሚያሳያችሁ ቲክ ቮልዩም ነው፤ የእናንተ ብሮከር ዋጋ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ይቆጥራል። አንድ ሎትም ይሁን ሺህ ሎት ዋጋውን አንዴ ካንቀሳቀሰ አንድ ቲክ ነው። ስለዚህ የእሱ 5,000 የእናንተ 2,000 ሊሆን ይችላል። አንዱ ልጅ ከሌላ ብሮከር ስክሪንሾት ላይ ወሰን ቀድቶ ለሳምንታት አንድም ትሬድ ሳያገኝ ቆይቶ «ስልትህ አይሠራም» ብሎ ሊጣላኝ መጥቶ ነበር።

ምልክት፦ በትክክለኛው መለኪያም ቮልዩሙ ትልቅ ነው፣ ግን አልጸናም

ካንድሉን እዩ። ቮልዩሙ ሁለት እጥፍ ሆኖ ካንድሉ ከሬንጁ ጥቂት ብቻ ወጥቶ፣ ረጅም ጭራ ትቶ ከዘጋ፣ የገዛው ሰው ሁሉ ሻጭ አግኝቷል ማለት ነው። ብዙ ጥረት፣ ትንሽ ውጤት። ካንድሉ በላይኛው ሲሶው ውስጥ እስካልዘጋ ድረስ ቁጥሩ አያታልላችሁ።

ሌላው ዜና ነው። የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት መረጃ በኒው ዮርክ ከጠዋቱ 8:30 ይወጣል፤ በእነሱ በጋ ለእኛ ከቀኑ 9:30፣ በክረምታቸው 10:30። በዚያ ደቂቃ የብሮከሩ ዋጋ እንደ እብድ ይለዋወጣል፣ ቲኩም አብሮ ይፈነዳል። እውነተኛ ግብይት የዚያን ያህል ይሁን አይሁን ከዚያ ማወቅ አይቻልም። የመጀመሪያውን የዜና ካንድል ዝለሉት። መመዘን ከፈለጋችሁ የወርቅ ፊውቸርስን (`GC`) ቮልዩም ተመልከቱ፤ እዚያ የሚቆጠረው የተገበያየ ኮንትራት ነው፣ እያንዳንዱም 100 ትሮይ አውንስ።

ምልክት፦ «ባሩ አረንጓዴ ነበር፣ ገዢ ነው ብዬ ገባሁ»

ሜታትሬደር 5 ላይ ያለው የቮልዩም ባር አረንጓዴ የሚሆነው ቮልዩሙ ከቀደመው ባር ሲበልጥ ነው። ሲያንስ ቀይ ይሆናል። ስለ ገዢና ሻጭ ምንም አይልም። ወርቅ ሲፈርስም ባሩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቮልዩሙ ትንሽ ሆኖ ብሬክአውቱ ከሄደ፣ ሻጭ ስላልነበረ ነው። ሲሄድ እዩት፤ አታሳድዱት።

`GC` ላይ ቮልዩሙ በድንገት ከተመናመነ ነጋዴው ወደ ቀጣዩ ኮንትራት ተዛውሯል። ቻርቱን ቀይሩ።

በፈረንጆቹ ማርች እና በኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ አሜሪካና እንግሊዝ ሰዓታቸውን በተለያየ ቀን ስለሚቀይሩ ለንደን በሰርቨራችሁ ላይ በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል። በእነዚያ ሳምንታት 11ዱን ቀናት ከመክፈቻው እየቆጠራችሁ እንደገና ሰብስቡ።