ኩሽኔታው ምን አጠፋ? ኮፕሊንግ ስናስተካክል የሚደጋገሙ ስህተቶች

ፓምፑ ኩሽኔታ በላ፣ ውሃ የሚይዘው የሻፍቱ ሲል አፈሰሰ፣ አዲስ ተገዝቶ ገባ፣ ትንሽ ሰራና ደግሞ ያው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ብትሄዱ ይሄንኑ ነው የምትሰሙት፣ የሚወቀሰው ደግሞ ሁሌም እቃው ነው። ልጆች እባካችሁ መጀመሪያ አላይመንቱን እዩ፣ በኮፕሊንግ የተያያዙት የሞተሩና የፓምፑ ሻፍት በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ማለቴ ነው።

"ኮፕሊንጉ ጎማ አለው፣ ይችለዋል" አትበሉ። ጎማው ራሱ ላይበጠስ ይችላል፣ ግን በተጨመቀ ቁጥር መልሶ ሻፍቱን ይገፋል፣ ያ ግፊት የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። ባለ ኳስ ኩሽኔታ ጭነቱ እጥፍ ሲሆንበት እድሜው በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው የሚቀረው። የሻፍቱ ሲልም ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ሁለቱ ፊቶቹ ወዲህ ወዲያ ስለሚሉ መሃላቸው ይከፈታል፣ ደቃቅ አሸዋ ይገባበትና መንጠባጠብ ይጀምራል።

ሞተሩ በአራቱም እግሩ ሳይቀመጥ ልኬት አትጀምሩ። እግሩ ላይ ጥቃቅን መነሳትን የሚያነበውን መለኪያ ዳያል አድርጋችሁ ቡሎኑን አንድ በአንድ አላሉ፣ ከ0.05 ሚሊ በላይ ከተነሳ ስሩ ሺም የምንለው ስስ ቆርቆሮ ይፈልጋል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፣ ዳያሉ ያሳየውን ቁጥር እንዳለ ሺም ማድረግ! ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ የመስኖ ፓምፕ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዳያሉን ፓምፑ ሻፍት ላይ አስረው፣ ጫፉ የሞተሩን ኮፕሊንግ ዙሪያ እየነካ፣ ሁለቱን ሻፍት አብረው አዞሩ። ላይ ዜሮ አድርገውት ነበር፣ ታች ሲደርስ +0.40 አለ። ሞተሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዛ ግን በአራቱም እግር ስር 0.40 ሺም ከተቱና አሰሩት! ዳያሉ ከላይ ታች ሲዞር ልዩነቱን እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ለሁለት ይካፈላል፣ 0.20 ማለት ነው።

0.20ም ቢሆን ገና ልክ አይደለም፣ ምክንያቱም ዳያሉን የያዘው ክንድ በክብደቱ ይጎብጣል። ያንኑ ክንድ ባልተጣመመ ወፍራም ቱቦ ላይ አስረን ላይ ዜሮ አድርገን ቱቦውን ከነክንዱ ስናዞረው ታች ላይ -0.10 አነበበ፣ ይሄ የክንዱ ጉብጠት ብቻ ነው። እውነተኛው ንባብ እንግዲህ 0.50 ነበር፣ ግማሹ 0.25። የኮፕሊንጉ ፊት ላይ ለክተን የማዕዘን ችግር ስላልነበረው በአራቱም እግር 0.25 በቂ ነበር፣ እነሱ ግን 0.40 ከተው ሞተሩን 0.15 ከፍ አደረጉት፣ ያውም "በዳያል ተሰርቷል" ተብሎ!

ግራና ቀኙንም አንብቡ፣ ሁለቱ ሲደመሩ የታቹን ቁጥር ካልሰጡ ወይ ክንዱ ላልቷል ወይ ዳያሉ ተንሸራቷል፣ ድገሙት። ቀጫጭን ሺም አትደራርቡ፣ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል። ቡሎኑ በደንብ ከጠበቀ በኋላ ደግሞ እንደገና ለኩ፣ ሲጠብቅ ሞተሩ ወደ ጎን ሊሸሽ ይችላል፣ ልካችሁ ብላችሁ የምትመዘግቡት ያን የመጨረሻውን ነው።