የብድር ክፍያ እንዲስተካከል የሚጠይቅ ደብዳቤ፣ ከነስሌቱ

ጎረቤቴ ጣና ላይ የምትሠራ አንዲት ጀልባ አለችው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው ያመላልሳል። ጀልባዋን የገዛው በብድር ነው። ባለፈው ግንቦት የሁለት ወር ክፍያ አልፎት፣ ለአበዳሪው የጻፈውን ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ሁለት ገጽ ሙሉ ችግር ነው። ነዳጁ፣ ሞተሩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት። ሁሉም እውነት ነው። ግን በወር ስንት መክፈል እንደሚችል አንድም ቦታ አልተጻፈም። ደብዳቤውን የሚያነበው የብድር ባለሙያ ደግሞ ለኮሚቴ የሚያቀርበው ቁጥር ነው። ቁጥር ከሌለ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጭ ብለን ደብዳቤውን እንደገና ጻፍነው። አሠራሩን ከእሱ ቁጥሮች ጋር እነሆ።

መጀመሪያ ቀሪውን ብድር ከአበዳሪው በጽሑፍ ውሰዱ

በግምት አትነሱ። ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የብድር ስቴትመንት ጠይቁ። ቀሪ ዋና ብድር፣ ውዝፍ ወለድ እና ቅጣት ለየብቻ እንዲጻፉላችሁ ንገሯቸው። ደብዳቤያችሁ የሚቆመው በእነሱ ቁጥር ላይ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክርክሩ እዚያው ላይ ይቀራል።

የጎረቤቴ ብድር 480,000 ብር ነበር። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 36 ወር፣ የወር ክፍያው 17,353 ብር። 14 ወር በትክክል ከፍሏል። ቀሪ ዋና ብድሩ 323,130 ብር ነው። የሚያዝያና የግንቦት ወለድ ደግሞ 9,694 ብር ተወዝፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩ። ወለዳችሁ የሚታሰበው በቀሪው ዋና ብድር ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰዳችሁት ሙሉ ብር ላይ? ሁለተኛው ፍላት የሚባለው ነው። የወር ክፍያው ራሱ ይነግራችኋል። የጎረቤቴ ብድር ፍላት ቢሆን ኖሮ የሦስት ዓመት ወለዱ 259,200 ብር ሆኖ፣ የወር ክፍያው 20,533 ብር ይመጣ ነበር። እሱ 17,353 ስለሚከፍል በቀሪው ላይ የሚታሰብ ነው። የእናንተ ፍላት ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ስሌት አይሠራላችሁም። አዲሱን ሰሌዳ ራሳቸው እንዲያወጡላችሁ ጠይቁና የመክፈል አቅማችሁን ብቻ አስሉ።

ቀጥሎ መክፈል የምትችሉትን እወቁ፣ በዓመት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጎረቤቴም ተሳስቶ ነበር። ጥሩውን ወር ብቻ አይቶ «13,000 እችላለሁ» አለኝ።

ደብተሩን አወጣን። በዛሬው የነዳጅ ዋጋ ቆጥረን፣ ነዳጅ፣ የረዳቱ ደመወዝና ጥገና ሲቀነሱ፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት በወር በአማካይ 22,800 ብር ይተርፈዋል። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ምዕመናኑ ወደ ዘጌ ሲጎርፉ የተጻፈው ገቢ ከሌላው ቀን ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን 15,000 ብቻ ነው። ዝናብ ሲሆን እንግዳ ይጠፋል። የቤት ወጪው በወር 9,000 ብር ነው። ስለዚህ ለብድር የሚቀረው በበጋ 13,800፣ በክረምት 6,000 ብር ይሆናል።

ዘጠኙን ወርና ሦስቱን ወር ደምሩ። በዓመት 142,200 ብር ነው። ለ12 ስናካፍለው 11,850 ብር ይመጣል። በበጋ የሚተርፈውን ለክረምቱ ካስቀመጠ እውነተኛው ጣሪያ ይህ ነው። 13,000 ብሎ ቢፈርም ኖሮ በሚቀጥለው ሐምሌ እንደገና ይወድቅ ነበር። አንዴ የተስተካከለ ብድር እንደገና ሲወድቅ ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ከባድ ነው።

አዲሱን የወር ክፍያ አስሉ

ኤክሴል ወይም የስልክ ላይ ሠንጠረዥ ካላችሁ አንድ መስመር ይበቃል። መጀመሪያ የድሮውን ክፍያ አስልታችሁ ሞክሩት፤ 17,353 ካልመጣ ወለዱን ወይም ወሩን ተሳስታችኋል ማለት ነው። ከዚያ ቀሪውን ብር አስገቡ።

```
=PMT(18%/12,36,-480000)
=PMT(18%/12,42,-323130)
```

የመጀመሪያው ቁጥር የዓመቱ ወለድ ለ12 ወር ተካፍሎ ነው። ሁለተኛው የወሩ ብዛት፣ ሦስተኛው ብሩ ነው። ከብሩ በፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት አትርሱ፤ ከረሳችኋት መልሱ በኔጌቲቭ ይወጣል።

ለጎረቤቴ ሦስት ጊዜ አሰላን። በ36 ወር 11,682 ብር፣ በ42 ወር 10,426 ብር፣ በ48 ወር 9,492 ብር መጣ።

36ቱ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ያስጎመጃል። ግን በዓመት 140,184 ብር ይወስዳል። ከ142,200 የሚተርፈው 2,016 ብር ብቻ ነው። የጀልባ ሞተር አንዴ ከተበላሸ ይህ ምንም አይደለም። 42ቱ በዓመት 17,088 ብር ያስተርፋል። 48ቱ የበለጠ ይቀላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። በድሮው ሰሌዳ ከሚቀረው 22 ወር ጋር ሲነጻጸር 42ቱ ወደ 56,000 ብር፣ 48ቱ ወደ 74,000 ብር ተጨማሪ ያስከፍላሉ። 42ቱን መረጥን።

ውጤቱን በእጅ አረጋግጡት። የመጀመሪያው ወር ወለድ 323,130 በ0.015 ሲባዛ 4,847 ብር ነው። ከ10,426 ላይ ሲቀነስ 5,579 ብር ወደ ዋናው ብድር ይገባል። ቀሪው 317,551 ይሆናል። ያቀረባችሁት ክፍያ ከወሩ ወለድ ካልበለጠ ዋናው ብድር ፈቀቅ አይልም። እንዲህ ያለውን ሐሳብ አበዳሪው ገና ሲያየው ይመልሰዋል።

የአበዳሪው ኮምፒውተር ወለዱን በቀን ከቆጠረ የጥቂት ብር ልዩነት ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሰሌዳው በፈረንጅ ወር ስለሚሄድ ጳጉሜንም ቆጠራውን ያዛባዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «በግምት» የምትለዋን ቃል ጨምሩ።

እፎይታ የምትጠይቁ ከሆነ ወለዱን እየከፈላችሁ ይሁን

ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ሦስት ወር ምንም አልከፍልም ማለት ቀላል ነው። ግን ወለዱ አይቆምም፤ ዋናው ላይ ይቆለላል። ጎረቤቴ በክረምት 6,000 ስለሚተርፈው፣ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ወለዱን ብቻ፣ በወር 4,847 ብር ሊከፍል ይችላል። ዋናው ባለበት ይቆያል፤ የ42 ወሩም ስሌት አይፈርስም። ሦስቱ ወር 14,541 ብር ያስወጡታል። ይህ በ56,000ው ላይ የሚጨመር ነው። ቁርጡን አውቆ ተስማማ።

ውዝፉን ወለድ ደግሞ ከእቁቡ በደረሰው ብር ውሉ ሲፈረም በእጅ ለመክፈል ወሰነ። አዲስ ብድር ላይ ባይደመር ይሻላል፤ ወለድ ላይ ወለድ ይሆናልና።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ችግሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የኛ እንዲህ ነበር፦

> ቀን፦ ግንቦት 20 ቀን …… ዓ.ም.
>
> ለ………… ባሕር ዳር ቅርንጫፍ
> ባሕር ዳር
>
> ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> በብድር ቁጥር ………… ለጀልባ መግዣ 480,000 ብር ተበድሬ 14 ወራት በወቅቱ ከፍያለሁ። የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩና የጀልባው ሞተር በሚያዝያ ወር በመበላሸቱ የሚያዝያና የግንቦት ክፍያ አልፎብኛል። ሞተሩ አሁን ተጠግኖ ሥራ ጀምሯል።
>
> በቅርንጫፉ ስቴትመንት መሠረት ቀሪ ዋና ብድሬ 323,130 ብር ነው። ስለሆነም፦
>
> ውዝፍ ወለድ 9,694 ብር ውሉ በሚፈረምበት ዕለት እንድከፍል፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወለዱን ብቻ በወር በግምት 4,847 ብር እንድከፍል፤ ከመስከረም ጀምሮ ቀሪው ዋና ብድር በነበረው የ18 በመቶ ወለድ በ42 ወራት፣ በወር በግምት 10,426 ብር እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከወጪ በኋላ ለብድር የሚተርፈኝ በዓመት 142,200 ብር ሲሆን አዲሱ ክፍያ በዓመት 125,112 ብር ነው። ቅጣቱ እንዲነሳልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የ12 ወር የገቢ ደብተር ኮፒ፣ የሞተር ጥገና ደረሰኝና የክፍያ ስሌት አያይዣለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ቅጣቱን ለብቻው እንደጠየቅን አስተውሉ። ቅጣቱ ባይነሳ እንኳ የጊዜው ጥያቄ አብሮ አይወድቅም።

ስታስገቡ

በሁለት ኮፒ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። የቃል ንግግር፣ ሥራ አስኪያጁ የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ፣ ነገ ማስረጃ አይሆንም።

ቀኑንም ቁጠሩ። በባንክ ብድር ክፍያ 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩ ከጤናማዎቹ ወጥቶ ይመደባል። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁ ይበልጥ ይከብዳል። መያዣም ካስያዛችሁ ባንኩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው እስኪመጣ አትጠብቁ።

ለዋሳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። አዲስ ውል ሲፈረም ብዙ ጊዜ ዋሱም ተጠርቶ ይፈርማል። ነገሩን መጀመሪያ ከቅርንጫፉ ስልክ ከሰማው ቅር ይለዋል፤ ላይፈርምም ይችላል።

መልስ እስኪመጣ ባዶ አትሁኑ። ጎረቤቴ በሰኔ መጀመሪያ፣ ገና ሳይፈቀድለት፣ 4,847 ብር አስገብቶ ደረሰኙን ያዘ። ውሉ ሲመጣ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ሰሌዳውን አብረን አየነው። የወለዱ መጠን ከ18 እንዳልጨመረ፣ መነሻው ዋና ብድር 323,130 እንደሆነ፣ ያልጠየቅነው የአገልግሎት ክፍያ እንዳልገባበት። የወር ክፍያው ከኛ ስሌት በጥቂት ብር ይለያል። የቀን ቆጠራው ነው። ፈረመ።