የቤት ሥራው የሱ አልመስል ሲላችሁ

ተማሪው ቤት ሠርቶ ያመጣው ድርሰት የሱ አልመስል ካላችሁ፣ ክፍል ውስጥ በእጁ ከጻፋቸው ሁለት ሦስቱን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዓይነታቸው ግን ይመሳሰል፤ ትረካን ከትረካ፣ ክርክርን ከክርክር።

እኔ ከባድ ቃላትን አላሳድድም፤ ቃል ከመጽሐፍም ይለቀማል። የማየው ልማድን ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ሲጽፍ በ«ከዛ» መጀመር ይወዳል። ዓረፍተ ነገሩ ከ8 ቃል ብዙም አያልፍም። የቤቱ ድርሰት ላይ ግን አንድም «ከዛ» የለም። ዓረፍተ ነገሩ 20 ቃል ይደርሳል፣ «ይህም በመሆኑ» አራቴ ገብቷል።

የፊደል ግድፈት መጥፋቱን አልቆጠርኩበትም፤ ቤት ጊዜም የሚያርም ሰውም አለ። በ«ሰ» እና «ሠ»ም አትፍረዱ፤ በስልክ ሲጻፍ ቶሎ የተገኘው ፊደል ነው የሚገባው።

ይሄ ሁሉ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ልጁን ለብቻው ጠርቼ፣ ወረቀቱን ሳላሳየው፣ የድርሰቱን ዋና ክርክር በ10 ደቂቃ እንደገና እንዲጽፍልኝ አደረግኩ። አሳምሮ ጻፈው፤ በ«ከዛ» እየጀመረ። ለካ ሐሳቡ የራሱ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን ያቃናችለት እህቱ ናት። ዜሮ ልሰጠው ነበር እኮ!